14 ይገባል፣ 15 መጨረስ እንችላለን፤ ታዲያ ውዝፉ ለምን ይጨምራል?

«ጋሼ ሰላም ነዎት? በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የመኪና ክሌም ቡድን መሪ ነኝ። ከእኔ ሌላ 5 ልጆች አሉ። በቀን 14 ገደማ አዲስ ፋይል ይገባል። አንድ ሰው በቀን 3 ፋይል መጨረስ ይችላል፣ ስለዚህ በቀን 15 መጨረስ ነበረብን። ግን ከ5 ወር በፊት 180 የነበረው ውዝፍ ዛሬ 400 ገብቷል። አንድ ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም ሠራን፤ ረጋ አለና ተመልሶ ወጣ። አለቃዬ “ልጆቹ ሰነፎች ናቸው” ይላል። እኔ ደግሞ ሲለፉ አያለሁ። ምን ላድርግ? እህትዎ፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ልጆቹ ሲለፉ አያለሁ ያልሽው ትክክል ነው። እኔም ክሌም ቤት 12 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አራቱን በቡድን መሪነት። ያንቺው ዓይነት ክምር ፊቴ ተቆልሎ ማታ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ የማውቀውን ነው።

«በቀን 3 ፋይል» የሚለው ቁጥር ላይ ቆም በይ። እውነት ነው፣ አንድ ሰው 3 ይጨርሳል። ግን የትኛውን ፋይል? ሰነዱ የሞላውን። መቼ? ስልክ በማይጮህበት ቀን። እንደዚህ ያለ ፋይልና እንደዚህ ያለ ቀን ደግሞ ካንቺ ቤት ከጠፋ ቆይቷል።

እስቲ አንድ ፋይል ከመደርደሪያው አንሺና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከተዪው። መገናኛ አካባቢ ከኋላ የተገጨ ቪትዝ ነው እንበል። ባለቤቱ በማግስቱ መጣ። የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ሞላ፣ የመንጃ ፈቃድና የሊብሬ ኮፒ ሰጠ፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ገና አልወጣም። ተቀባይዋ «ሲደርስልዎ ያመጣሉ» ብላ ተቀበለችው። ፋይል ተከፈተ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ አንዱ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሄደ። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰበትና ከፈተው። ቅጹን አነበበ፣ ፖሊሲውን ከሲስተም አወጣ፣ ዐረቦኑ መከፈሉን አየ፣ ፎቶዎቹን ተመለከተ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ የፖሊስ ሪፖርት የለም። ደወለ፣ ሰውየው አላነሳም። ፋይሉ ላይ ማስታወሻ ለጥፎ ወደ ጎን አስቀመጠው።

ከሳምንት በኋላ ሪፖርቱ መጣና ፋይሉ ውስጥ ገባ። ልጁ እንደገና ከፈተው። በመሃል ሌላ 30 ፋይል ስላየ ይህኛውን ረስቶታል፣ ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ። ሌላ ግማሽ ሰዓት። አሁን ደግሞ ፕሮፎርማው ከአንድ ጋራዥ ብቻ መሆኑን አየ። ተመልሶ ወደ ጎን። እስከዚያው ባለቤቱ ሁለቴ በአካል መጥቷል፣ ሦስቴ ደውሏል፣ እያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ ፋይሉን ከክምሩ ውስጥ ፈልጓል።

ይሄ ፋይል ደብተርሽ ላይ የሚቆጠረው አንድ ተብሎ ነው። ከልጆችሽ ጉልበት የበላው ግን የአንድ ፋይል ተኩል ያህል ነው። ውዝፉን የሚያሳድገው ይሄ ያልተቆጠረው ግማሽ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ያንቺን ትክክለኛ ልክ አላውቅም፣ ግን እኔ ከማውቀው ቤት የማይርቅ ግምት ልውሰድ፣ አንቺ በራስሽ ቁጥር ትተኪዋለሽ። አምስት ልጆች ናቸው። ምሳ፣ ስብሰባና ሻይ ሲወጣ እያንዳንዳቸው በቀን 7 ሰዓት ይሠራሉ፤ በጠቅላላው 35 ሰዓት። 15 ፋይል በ35 ሰዓት ማለት አንዱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። እስከዚህ አንቺ ካሰብሽው ጋር ይገጥማል።

ከሚገቡት 14 ውስጥ 5ቱ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል እንበል። እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ በከንቱ ይከፈታሉ፣ በአንዱ ግማሽ ሰዓት። ይሄ በቀን 5 ሰዓት ነው። ከዚያ ስልኩና «የት ደረሰ?» ብሎ በር ላይ የሚቆመው ሰው አለ። 400 ደንበኛ እየጠበቀ ነው። እያንዳንዱ በ10 የሥራ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቅ፣ በቀን 40 ጥያቄ ነው። ፋይሉን ፈልጎ ለመመለስ 6 ደቂቃ ቢፈጅ 4 ሰዓት ይሄዳል። ከ35ቱ ላይ 5 እና 4 ስትቀንሺ 26 ሰዓት ይቀርሻል። 26 ሰዓት ደግሞ 11 ፋይል ብቻ ነው የሚጨርሰው።

14 ገባ፣ 11 ወጣ። በቀን 3 ተረፈ።

ከሁሉ የከፋውን አሁን ተመልከቺ። ውዝፉ 180 በነበረ ጊዜ የጠያቂው ብዛት በቀን 18 ነበር፤ ከ2 ሰዓት በታች። ያኔ 12 ፋይል ትጨርሱ ነበር፣ በቀን 2 ነበር የሚተርፈው። አሁን 3 ይተርፋል። ልጆቹ ያው ናቸው፣ የሚገባውም ያው ነው። ክምሩ ራሱ ሥራ ይፈጥራል፣ ያ ሥራ ደግሞ ክምሩን ከመቀነስ ያግዳቸዋል። ጊዜ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱ የሚጨምረው ለዚህ ነው። አለቃሽ «ድሮ በዚሁ ሰው ይበቃን ነበር» ቢልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ድሮም ይተርፍ ነበር፣ ግን ያነሰ ነበር፣ 400 ሰውም በር ላይ አልነበረም።

ኦቨርታይሙም ያልሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። 5 ሰው ቅዳሜ 4 ሰዓት ቢሠራ 20 ሰዓት ነው፣ 8 ፋይል ቢወጣ ነው። ሳምንቱ ግን 12 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ ነው ቅዳሜ የሚደርሰው። ቧንቧው ተከፍቶ ወለል እንደመጥረግ ነው። ኦቨርታይም ጥቅም የለውም እያልኩሽ አይደለም፣ ተራው አልደረሰም ነው የምልሽ። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ግን አንድም ነገር ከመቀየርሽ በፊት ሁለት ሳምንት ቁጠሪ። ሲስተም አያስፈልግሽም፣ አንድ ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ፋይል በከፈተ ቁጥር አንድ ጭረት፣ ፋይሉ ጎድሎት ከዘጋው ጭረቱን ይክበበው፣ ምን እንደጎደለም በአንድ ቃል ይጻፍ፦ ፖሊስ፣ ቦሎ፣ ፕሮፎርማ፣ መንጃ ፈቃድ። ስልክ ወይም ሰው ካቋረጠው በሌላ ዓምድ ጭረት። ልጆቹ እነሱን ለመሰለል እንዳይመስላቸው በግልጽ ንገሪያቸው፤ ወረቀቱ ላይ ስም አይኑር። እኔ መጀመሪያ ስም አጽፌ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ክቡ በሙሉ ከወረቀቱ ጠፋ። ስሙን ካስወጣሁ በኋላ ነው እውነቱ የመጣው።

ሁለት ሳምንት ሲያልቅ አንድ የጎደለ ነገር ከሌሎቹ በጣም በልጦ ታገኚያለሽ። እኛ ቤት የፖሊስ ሪፖርት ነበር። አንቺ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃሽ ያ ነው።

እርምጃው ደግሞ በሩ ላይ ነው የሚሠራው። ያልሞላ ፋይል ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ አይሂድ። ይሄን ስል ሰውየውን መልሺው ማለቴ አይደለም፤ አደጋ የደረሰበት ሰው በጊዜ ማስታወቅ አለበት፣ ማስታወቂያውን ተቀበዪ፣ ቀኑን መዝግቢ፣ ቁጥር ስጪ። ፋይሉ ግን «ሰነድ የሚጠብቅ» የሚል መደርደሪያ ላይ ይቁም። ከአምስቱ አንዱ ጠዋት ጠዋት በተራ ተቀባይዋ አጠገብ ይቀመጥ። ለአንድ ደንበኛ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። በእጁ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር፣ ያሉት ሰነዶች ላይ ምልክት ያድርግ፣ የጎደለውን በጉልህ ይጻፍና ኮፒውን ለደንበኛው ይስጥ። «ሁለት ነገር ይቀርዎታል፣ እነዚህ ሲመጡ ነው ሥራው የሚጀመረው» ብሎ ፊት ለፊት ይንገረው። ሰው ቁርጡን ሲያውቅ ሰነዱን በፍጥነት ያመጣል። ተቀብለነው ዝም ስንለው ግን ኳሱ እኛ ጋ ነው ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፣ ልክ ነውም።

በዚህ በቀን 5 የነበረው ጎዶሎ ወደ 2 ቢወርድ፣ እነሱም አንዴ ብቻ ቢከፈቱ፣ ከ5 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ወርደሻል። በር ላይ የሚቀመጠው ልጅ 14 ጊዜ 5 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ከ10 ይወስዳል። አሁንም ወደ 3 ሰዓት ተርፎሻል።

ሁለተኛው ስልኩ ነው። ደንበኛው የሚደውለው መረጃ ስለሌለው ነው። ቀድመሽ ንገሪው። ሦስት አጭር መልእክት ይበቃል፦ ፋይሉ ሲሞላ፣ ሰርቬየሩ መኪናውን አይቶ ሲጨርስ፣ ክፍያው ሲፈቀድ። ከሲስተም የሚላክ ከሌለሽ አንድ የቢሮ ስልክ ላይ የተዘጋጀ ጽሑፍ አስቀምጪና በየቀኑ ከሰዓት አንድ ልጅ 20 ደቂቃ ተቀምጦ ይላከው። ቀን ስትነግሪው ደግሞ እውነተኛውን ንገሪው። 400 ፋይል በቀን 11 ሲወጣ፣ ዛሬ የገባ ሰው በተራው ቢሄድ 36 የሥራ ቀን ይጠብቃል። «በሁለት ሳምንት ያልቃል» ያልሽው ሰው በ15ኛው ቀን ይደውላል፣ በ16ኛው ይደውላል፣ በ17ኛው በአካል ይመጣል። «ሰባት ሳምንት ይፈጃል» ያልሽው ሰው ይከፋዋል፣ ግን ሰባት ሳምንት ይጠብቃል።

ለሚደውለውም ሰዓት ይኑረው። ጠዋት ከ4 እስከ 5፣ ከሰዓት ከ9 እስከ 10፣ አንድ ሰው ብቻ በተራ ያንሳ። የቀሩት አራቱ ስልክ አያንሱ። 6 ደቂቃ ብዬ የቆጠርኩት ፋይሉን ፈልጎ መልስ ለመስጠት የሚፈጀውን ብቻ ነው፤ ልጁ የዋጋ ንጽጽር እየሠራ ሲቋረጥ ወደነበረበት ለመመለስ የሚፈጅበትን አልጨመርኩም። ጥያቄው በግማሽ ቢቀንስ ሌላ 2 ሰዓት አገኘሽ።

አሁን ደምሪው። የጎዶሎ ፋይል 1 ሰዓት፣ የበሩ ሥራ 1 ሰዓት ከ10፣ ስልክ 2 ሰዓት። ከ35ቱ ላይ ሲነሳ 31 ገደማ ይቀራል። ያ 13 ፋይል ነው። ከ11 በጣም ይሻላል፣ ግን አሁንም 14 አልደረሰም! ይሄን ሆን ብዬ ነው የማሳይሽ፤ ብዙ ቡድን እዚህ ድረስ ይመጣና ክምሩ አሁንም ሲጨምር ሲያይ «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። አንድ እርምጃ ነው የቀረሽ።

የቀረሽ ትንንሾቹን መለየት ነው። ስፖኪዮ የተሰበረበት፣ የፊት መብራት የፈነዳበት፣ የመስታወት ስንጥቅ፣ እነዚህ ሞተሩ ከወደመ መኪና ጋር አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት አይደል? ሰርቬየር ይሄዳል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይመጣል፣ የዋጋ ንጽጽር ይሠራል፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ አለቃሽ ይፈርማል። ለ6 ሺህ ብር መስታወት። ከአለቃሽ ጋር ተቀምጠሽ የብር ጣሪያ ወስኑ። ከዚያ በታች ያለው፣ ሌላ ሰው ያልተጎዳበትና ሦስተኛ ወገን የሌለበት ከሆነ፣ በፎቶና በአንድ ፕሮፎርማ ይሂድ፣ ባንቺ ፊርማ ይለቅ። ከ14ቱ 4ቱ እንደዚህ ቢሆኑና የሚፈጁት ጊዜ በግማሽ ቢወርድ፣ 4 ሰዓት ከ40 ታተርፊያለሽ። ማጭበርበር ይገባል ብሎ አለቃሽ ቢሰጋ፣ መስጋቱ ተገቢ ነው፤ ከአሥሩ አንዱን በዕጣ አውጥታችሁ ሙሉ ምርመራ አድርጉበት፣ ይህንንም ጋራዦቹ ይወቁት።

በዚህ ሂሳብ 14 ፋይል የሚፈልገው 28 ሰዓት ነው፣ ያለሽ ደግሞ 31። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን 3 ሰዓት ተረፈሽ። ከዚህ በኋላ ነው ክምሩ ላይ የሚዘመተው፣ ከዚህ በፊት አይደለም።

ክምሩ ጋ ስትደርሺ 400ው በሙሉ ዕዳሽ እንዳይመስልሽ። ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. በሂሳብ ያረጋገጠው ነገር አለ፦ ቤት ውስጥ ያለው ብዛት፣ በቀን የሚያልፈው ብዛት አንዱ በሚቆይበት ቀን ሲባዛ የሚገኘው ነው። አንድ ፋይል ሁሉም ነገር በደንብ ቢሄድ እንኳ ሰርቬየሩንና ጋራዡን ጨምሮ 10 ቀን ቢቆይ፣ 14 ሲባዛ በ10፣ 140 ፋይል ሁልጊዜ ቤትሽ ውስጥ ይኖራል። ያ ጤነኛ ሥራ ነው። ዕዳሽ 260 ነው። ለአለቃሽም ዜሮ አድርጌ አሳይሃለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ፣ አይሆንም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሁላችሁም ግቡና ምንም ፋይል ሳትሠሩ 400ውን ብቻ ለዩት። አንዱን ለማየት 3 ደቂቃ ነው፣ በ5 ሰው 4 ሰዓት ይበቃል። ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ እኛን የሚጠብቅ፣ ሌላ ሰው የሚጠብቅ፣ የሞተ። የሞተው ደንበኛው ራሱ አሠርቶ የተወው፣ ለአንድ አደጋ ሁለት ፋይል ሆኖ የተመዘገበ፣ ተከፍሎ ያልተዘጋ ነው። እኛ ቤት ለይተን ስንጨርስ እኛን የሚጠብቀው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸው ክምሩን እያዩ ዝም አሉ። ግን አደራ፣ ቁጥር ለማሳነስ ብለሽ የሰው ፋይል እንዳትዘጊ። ከመዘጋቱ በፊት ደንበኛው ይደወልለት፣ በጽሑፍም ይነገረው፣ መልስ ለመስጠት ጊዜ ይኑረው። እዚያ ወረቀት ጀርባ ታክሲው ቆሞበት ልጆቹን የሚያበላበት ያጣ ሹፌር ሊኖር ይችላል።

አሁን ደግሞ የልጆቹን ጠረጴዛ ተመልከቺ። 400 ለ5 ሲካፈል እያንዳንዱ 80 ፋይል ይዟል። ማንም ሰው 80 ጉዳይ በጭንቅላቱ መያዝ አይችልም፣ ለዚህ ነው እንደገና ከመጀመሪያው የሚያነበው። ሁሉንም ከጠረጴዛቸው አንሺው። ባንቺ ቁልፍ ያለ አንድ ካቢኔት ውስጥ በገባበት ቀን ቅደም ተከተል ይደርደር። እያንዳንዱ ልጅ 10 ብቻ ይያዝ። አንዱን ሲጨርስ መጥቶ ከፊት ያለውን አንዱን ይውሰድ፣ መርጦ አይውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀን ይጨንቃቸዋል፣ ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ሥራ የሚፈቱ ይመስላቸዋል። ታገሺ። ሳምንት ሳይሞላ ፋይሉን ሳይከፍቱ ስለ ደንበኛው ሲነግሩሽ ትሰሚያለሽ፣ የሠራ መሆኑን በዚያ ታውቂያለሽ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፣ እሱም «ይቺን ቶሎ በዪልኝ»። ከላይ ይመጣል፣ ከሽያጭ ይመጣል፣ ከዘመድ ይመጣል። እያንዳንዷ ተራ የዘለለች ፋይል አንዱን ሰው ከእጁ ላይ ያለውን ሥራ ታስጥለዋለች፣ ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትገፋለች። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ እምቢ አትበዪ፣ በቀን አንድ ቦታ ብቻ ክፈቺ። ማን እንደጠየቀና ለምን እንደሆነ ይመዝገብ። ሁለተኛው ሲመጣ «የዛሬው ተይዟል፣ ለነገ ልመዝግበው?» በዪ። ሰው ስሙ እንደሚጻፍ ሲያውቅ የእውነት አስቸኳይ የሆነውን ብቻ ያመጣል።

አሁን ኦቨርታይሙን አምጪው። በሥራ ቀን የሚተርፍሽ 3 ሰዓት በሳምንት 6 ፋይል ያህል ከክምሩ ያወጣል። ቅዳሜ 8 ብትጨምሪ 14 ነው። ከመለየቱ በኋላ የሞተውና ሌላ የሚጠብቀው ወጥቶ የቀረሽ እውነተኛ ዕዳ፣ ለምሳሌ 150 ቢሆን፣ 11 ሳምንት ገደማ ነው። ክምሩ ሲቀንስ ስልኩም ስለሚቀንስ መጨረሻው ላይ ይፈጥናል። ለልጆቹ የሚያልቅበትን ቀን ንገሪያቸው። መጨረሻው የማይታወቅ ቅዳሜ ሰውን ያማርራል፣ ከሁለት ወር በኋላ አንዱ ሥራ ለቆ ይሄድብሻል፣ ያኔ 7 ሰዓት በቀን አጣሽ።

አለቃሽን በተመለከተ፣ «ሰነፎች አይደሉም» ብለሽ አትከራከሪው። ዓርብ ዓርብ ሦስት ቁጥር በአንድ ወረቀት ስጪው፦ ስንት ገባ፣ ስንት አለቀ፣ ከሁሉ የቆየው ፋይል ስንት ቀን ሆነው። ሦስተኛው እንዳይቀር። ያለቀውን ብቻ ከቆጠርሽ ልጆቹ ሳያስቡት ቀላል ቀላሉን ይመርጣሉ፣ ከባዱ ከሥር ይበሰብሳል። የቆየው ፋይል ዕድሜ በየሳምንቱ እየወረደ ከሄደ መንገድሽ ትክክል ነው። በሰው ስም የተከፋፈለ ቁጥር ግን አትስጪው፣ ለልጆቹ ቃል የገባሽላቸውን ያፈርስብሻል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚገባው አሁንም ከሚወጣው ቢበልጥ፣ ያኔ በእርግጥ ሰው አንሶሻል። ያንኑ ወረቀት ይዘሽ ስድስተኛ ሰው ጠይቂ። አሁን ብትጠይቂ ግን አይጠቅምሽም፤ አዲስ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ፖሊሲ የሚያስነብበው፣ የዋጋ ንጽጽር የሚያሳየው ሌላ ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ከአምስቱ አንዱ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን የመጣ ሰው እሱም 80 ፋይል ተሸክሞ ይቀመጣል።

ሰኞ ጠዋት ሉክ ደብተሩን ገዝተሽ ግቢ። ከዚያ በፊት ግን ከክምሩ ሥር ከሁሉ የቆየውን አንድ ፋይል አውጪና ባለቤቱን አንቺው ራስሽ ደውዪለት። ምን እንደጎደለው፣ ማን ምን እንዳለው፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ጠይቂው። ሁለት ሳምንቱን ቆጥረሽ ስትጨርሺ የመጣውን ቁጥር ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።